የተቦጫጨቀ ቅጠል አይቶ መርጨት

በበጋ መስኖ በቆሎ የዘሩ አንድ አዛውንት ገበሬ የተቦጫጨቀ ቅጠል ይዘው ቢሯችን መጡ። ለመጤው ተምች በአንድ ዓይነት ኬሚካል ሁለት ጊዜ ረጭተዋል። «ይኼ አልበረታም፤ የሚገድለውን ስጠኝ ልጄ» አሉኝ።

አብረን ማሳቸው ወረድን። በቆሎው ወገብ ደርሷል። በሰያፍ እየተመላለስን አምስት ቦታ ቆመን አሥር አሥር ተክል አየን። የቆየውን ቀዳዳ ትተን፣ ገና እየወጣ ባለው ለጋ ቅጠል ላይ ያለውን ትኩስ ጉዳትና በጥቅሉ መሃል ያለውን እርጥብ ኩስ ብቻ ቆጠርን። ከ50ው ተክል ትኩስ ጉዳት ያገኘነው በ9ኙ ላይ ነው፤ 18 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ዕድገት ላይ ላለ በቆሎ ርጭት የሚታሰበው ወደ 40 በመቶ ሲጠጋ ነው። «ዘንድሮ ከዚህ በላይ መርጨት አያስፈልግዎትም» አልኳቸው። ቅጠሉን አሳዩኝና ዝም አሉ። በሳምንቱ ከገበያ ሌላ ኬሚካል ገዝተው እንደረጩ ሰማሁ።

እኚህን ሰው አልወቅስም። እንዲህ ያስተማርናቸው እኛው ባለሙያዎች ነን። ነባሩ ተምች በመንጋ መጥቶ በግላጭ ቅጠል የሚበላ ነው፤ ሲታይ ይረጫል፣ ሲረጭም ይሞታል። መጤው በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ በኩል ሲገባ ይዘነው የወጣነው ያንኑ የዘመቻ ልማድ ነው። ይኼኛው ግን ከተፈለፈለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለጋ ቅጠሎቹ ወደተጠቀለሉበት መሃል ይገባል። ሲያድግ ሰጋቱራ የመሰለ ኩሱ ከላዩ ይከመርና መግቢያውን ይደፍነዋል። ከላይ የወረደው ኬሚካል ኩሱን ያርሳል እንጂ ትሉ ዘንድ አይደርስም።

ደጋግሜ የምናገረው፣ ደጋግሞም የሚረሳብኝ ነገር ይኼ ነው፦ ቀዳዳው የተበሳው ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ሳለ ነው። ቅጠሉ ተዘርግቶ ወንፊት ሆኖ ስናየው የበላው ትል ወይ ኬሚካል የማይደርስበት ትልቅ ሆኗል፣ ወይ አፈር ውስጥ ገብቷል፣ ወይም ሞቷል። በዚያ ላይ በቆሎ ቅጠሉ ተበልቶም ብዙውን ጊዜ ያገግማል፤ አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ማሳው እያለፈለት ነው። ዓይን ግን የሚያርፈው በአሮጌው ላይ ነው፤ ገንዘቡም የሚወጣው ለአሮጌው ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላው ኪሳራ ነው። በዚያ ማሳ በቅጠሎቹ ብብት ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ጎጆዎች አይተን ነበር። ትንንሾቹን ትሎች ከውስጥ በልታ የምትገድል ደቃቅ ተርብ የሠራቻቸው ናቸው። ይህች ተርብ በአገራችን የበቆሎ ማሳዎች ተመዝግባለች፤ ከተሰበሰቡት ትሎች ሲሶውንና ከዚያም በላይ የገደለችበት ቦታ አለ። የተደበቀውን ትል የሳተው ርጭት በግላጭ የምትበረውን ተርብ፣ ጉንዳኑንና ሸረሪቱን አይስትም። ቀጣዩ እንቁላል ሲፈለፈል ጠባቂ ያጣ ማሳ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው በቆሎው ከበቀለ ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ከእንቁላሉ ነው። እንቁላሉ አንድ መቶም ሁለት መቶም ሆኖ፣ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር ለብሶ፣ ብዙውን ጊዜ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል ማሳውን በሳምንት አንዴ ማየት አይበቃም፤ ሁለቴ መዞር ይሻል። በጣት የተደመሰሰ አንድ ክምር ማለት መቶ ትል ማለት ነው። ያመለጠው ሲፈለፈል ቅጠሉ ላይ መስኮት የመሰሉ ነጫጭ ጭረቶች ይታያሉ፤ ትሉ ለመልቀምም ለመርጨትም የሚመቸው ያኔ ነው። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ትኩስ ጉዳቱ 20 በመቶ ካለፈ እኔም ርጩ እላለሁ፦ ወደ ማታ ትሉ ለመብላት ሲወጣ፣ የመርጫው አፍ ወደ ጥቅሉ ዞሮ፣ ያለፈው ካልሠራም ኬሚካሉ በስሙ ብቻ ሳይሆን በአገዳደሉ ተለውጦ። ወንዴ አበባው ከወጣ በኋላ ግን መርጨት ትርፉ ድካም ነው።

ለቀማ ለሁሉም አይሆንም። ሩብ ሄክታር ያለው ቤተሰብ ይወጣዋል፤ ሁለት ሄክታር ያለውና ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው አይችለውም። ለእንዲህ ያለው የምመክረው ያንኑ የ50 ተክል ቆጠራ ከአምስቱ ቦታ ለየብቻ መዝግቦ እንዲይዝ ነው። ትሉ በብዛት የሚገኘው በአንድ ወገን ከሆነ መርጫውን ወደዚያ ወገን ብቻ ይውሰድ፤ በቀረው ማሳ ተርቧ ትሥራ።