ከቁጠባ ደብተራችን ውስጥ ወለዱ ስንት ነው?



ባለፈው ከዙህር ሶላት በኋላ ከመስጂዱ በር ላይ ጫማችንን እያጠለቅን ሳለ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን የቁጠባ ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየን። ደብተሩን አባቱ በስሙ የከፈቱለት በጥር 2011 ነው። ያኔ 20,000 ብር አስገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የጨመረበትም የቀነሰለትም ሰው የለም። በጥር 2017 ገንዘቡን ወደ ወለድ አልባ ሂሳብ ሊያዛውር ሲነሣ፣ በመጀመሪያ የወለዱን ድርሻ ለይቶ ለማውጣት ፈለገ። የወለዱ መጠን 7 በመቶ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ በትምህርት ቤት የተማርነውን ቀመር ተጠቅሞ ዋናውን በመጠኑና በዓመቱ አባዛና 8,400 ብር አገኘ። «ይህን አውጥቼ እሰጣለሁ፤ የቀረው የኔ ነው» አለን።

ደብተሩ ላይ የታተመው የመጨረሻ ቀሪ ግን 29,773.86 ብር ነበር። ከዚህ ላይ 8,400 ሲነሣ 21,373.86 ይቀራል። አባቱ ያስገቡት 20,000 ብቻ ነው። 1,373.86 ብሩ ከየት መጣ?

አብዛኞቻችን ሪባ ሐራም መሆኑን የተማርነው በመድረሳ ነው፤ የወለድን ቀመር ደግሞ በዚያው ዕድሜያችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለፈተና ሸመደድነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠን የራሳችንን ደብተር የተመለከትን ግን ጥቂቶች ነን። ወንድማችን የተሳሳተው በስሌቱ አይደለም፤ ማባዛቱ ትክክል ነው። ቀመሩ ግን የዚያ ደብተር ቀመር አልነበረም።

የተጠቀመበት ቀመር የነጠላ ወለድ ነው። በነጠላ ወለድ ወለድ የሚያስገኘው ዋናው ብቻ ነው። 20,000 ብር በ7 በመቶ በየዓመቱ 1,400 ብር ይወልዳል፤ አንደኛው ዓመትም ስድስተኛውም እኩል 1,400 ነው። ስድስት ጊዜ 1,400 ሲሆን 8,400 ይመጣል። ለዚህ ስሌት እውነት መሆን አንድ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ የየዓመቱ ወለድ ከዋናው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው መቀመጥ ወይም ወጥቶ መከፈል አለበት።

የቁጠባ ሂሳብ እንዲህ አይሠራም። ወለዱ በተመዘገበ ቅጽበት ከቀሪው ጋር ይደመርና ከዚያ በኋላ ራሱ ወለድ የሚታሰብበት ገንዘብ ይሆናል። ይህ የወለድ ወለድ ነው። ነገሩ እንዲታየን በቅድሚያ ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል እንበል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 1,400 ብር ገብቶ ቀሪው 21,400 ይሆናል። የሁለተኛው ዓመት 7 በመቶ የሚታሰበው በ21,400 ላይ ስለሆነ 1,498 ብር ይመጣል። ሦስተኛው ዓመት 1,602.86፣ ስድስተኛው ዓመት ደግሞ 1,963.57 ያመጣል። ቀሪው 30,014.61 ይደርሳል፤ ይህም ከነጠላው ስሌት በ1,614.61 ይበልጣል።

ይህ ትርፍ ከየት እንደመጣ ቆጥረን ማግኘት እንችላለን። የመጀመሪያው ዓመት 1,400 ብር ራሱ በየዓመቱ 98 ብር ይወልዳል፤ ከፊቱም አምስት ዓመት አለው። የሁለተኛው ዓመት 1,400 አራት ዓመት፣ የሦስተኛው ሦስት ዓመት እያለ ይወርዳል። የስድስተኛው ዓመት 1,400 ግን ገና መግባቱ ነውና ምንም አይወልድም። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ሲደመሩ 15 ይሆናሉ፤ 15 ጊዜ 98 ደግሞ 1,470 ብር ነው። የቀረው 144.61 የልጅ ልጆቹ ነው፤ እነዚያ 98 ብሮች ደግሞ በተራቸው የወለዱት ማለት ነው። ዓመታቱ ሲበዙ እየገነነ የሚሄደውም ይኸው የልጅ ልጅ ክፍል ነው። ለዚህ ነው በአንድና በሁለት ዓመት ደብተር ላይ ሁለቱን ስሌቶች ብናምታታ ልዩነቱ ብዙም የማይታየን፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በተከፈተልን ደብተር ላይ ግን ስሕተቱ ትልቅ ይሆናል።

አሁንም ግን 30,014.61 ከደብተሩ 29,773.86 ጋር አልገጠመም። ሁለት ነገሮች ይቀሩናል።

አንደኛው፣ የወንድማችን ባንክ ወለዱን የሚመዘግበው በየወሩ ነው። 7 በመቶው ለ12 ይከፈልና በየወሩ በቀሪው ላይ ይታሰባል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ 72 ጊዜ ይደጋገማል። በስልካችን ወይም በኤክሴል እንዲህ ብለን ማስላት እንችላለን።

```
=20000*(1+0.07/12)^72
```

ውጤቱ 30,402.11 ነው። እንግዲህ በየወሩ መመዝገቡ በዓመት አንዴ ከመመዝገቡ ይልቅ ወደ 387 ብር ገደማ ጨምሯል። ይህ ደግሞ ከደብተሩ ጭራሽ አራቀን!

ሁለተኛው ነገር ግብር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በእነዚያ ዓመታት ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ይነሣ ነበር፤ የሚያነሣውም ባንኩ ራሱ ነበር። ስለዚህ ከ7 በመቶው ወደ ደብተሩ የሚገባው 95 በመቶው፣ ማለትም 6.65 በመቶ ብቻ ነው። ግብሩን ከመጨረሻው ድምር ላይ አንድ ጊዜ ብንቀንስ ግን እንሳሳታለን። በየወሩ የተነሣው ግብር ደብተሩ ውስጥ ስላልገባ ቀጥሎ ወለድ ሊወልድ አይችልም። ስለዚህ መጠኑን ራሱን ነው መቀየር ያለብን።

```
=20000*(1+0.0665/12)^72
```

አሁን 29,773.86 መጣ። ከደብተሩ ጋር በሳንቲሙ ገጠመ። ወለዱ 9,773.86 ብር ነው፤ ወንድማችን «የኔ ነው» ብሎ ሊያስቀር የነበረው 1,373.86 ብርም ሙሉ በሙሉ ወለድ ነበር።

የራሳችን ደብተር በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የወለድ መስመሮች ማየት ይበቃል። በወንድማችን ደብተር የመጀመሪያው ወር 110.83፣ የሁለተኛው 111.45 ይላል። በመካከሉ ገንዘብ ሳይገባና ሳይወጣ ወለዱ ከፍ ካለ የወለድ ወለድ ነው፤ ሁልጊዜ 110.83 ቢሆን ኖሮ ነጠላ በሆነ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ባንኮች ወለዱን የሚያስቡት በቀን ነው። ስለዚህ 31 ቀን ያለው ወር 28 ቀን ካለው የበለጠ ያመጣል፤ ይህን ዓይቶ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ያሳስታል። ማመሳከር ያለብን የቀናቸው ቁጥር እኩል የሆኑትን ወራት ነው። የዚህ ዓይነቱ ደብተር ውጤትም ከላይ ካለው ቀመር ጋር በጥቂት ብር ሊለያይ ይችላል።

ዕድሜ ያላቸው ደብተሮች ሌላም ነገር አለባቸው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ነው። ከዚያ በፊት የተከፈተ ደብተር በአንድ መጠን ከዳር እስከ ዳር ሊሰላ አይችልም። ደብተሩ ላይ መጠኑ እስከተቀየረበት ወር ድረስ በአሮጌው መጠን እናሰላለን፤ የደረስንበትን ቀሪ እንደ አዲስ መነሻ ይዘን ደግሞ በአዲሱ እንቀጥላለን።

«ይህን ሁሉ ከማስላት 20,000ውን ከቀሪው ላይ መቀነስ አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለወንድማችን ይበቃል፤ ያስገባውን በትክክል ያውቃልና። እንዲያውም የገባውና የወጣው ሁሉ ተጽፎ ላለው ሰው ከቀመር ይልቅ ይህ ይሻላል። ነገር ግን አብዛኞቻችን በየጊዜው እናወጣለን፤ ስሕተቱም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። አንዲት እህታችን በተለያየ ጊዜ በድምሩ 22,500 ብር አስገብታለች፤ ለላፕቶፕ 7,000 አውጥታለች፤ ቀሪዋ 18,940 ነው። «ካስገባሁት ያነሰ ነው ያለኝ፤ ስለዚህ ወለድ የለብኝም» ብላ ነበር። የወጣውን መልሰን መደመር አለብን። 18,940 ላይ 7,000 ሲደመር 25,940 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ያስገባችው 22,500 ሲነሣ 3,440 ብር ወለድ ነው። የወጣው ገንዘብ ወለዱን ይዞት አልጠፋም።

ደብተሩ የጠፋበትም ቢሆን በግምት መሥራት የለበትም። ከባንኩ ሂሳቡ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለውን የሂሳብ መግለጫ መጠየቅ ይቻላል። ወለድና ግብር በየራሳቸው መስመር ይታተማሉ፤ የወለዱን መስመሮች ደምሮ ግብሩን መቀነስ ነው። ከላይ ያለው ቀመር ያኔ ለማመሳከሪያ ያገለግላል።

ከመካከላችን «የተከለከለው እጥፍ ድርብ የሚሆነው ነው፤ ነጠላው ቀላል ነው» ብሎ የሚጠይቅ አለ። የሱረቱል በቀራ 279ኛው አንቀጽ ለባለ ገንዘቡ የሚተውለት ዋናውን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጠላም ሆነ ድርብ አልተለየም። የተለየው ብር ለማን እንደሚሰጥና በምን ኒያ እንደሚወጣ ግን የኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሥራ ስላልሆነ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ወንድማችን ባለፈው ሰኞ ደብተሩን ዘግቶ 20,000 ብሩን ወደ ወዲዓ ሂሳብ አስገባ። 9,773.86 ብሩን ለብቻው በፖስታ አድርጎ ኡስታዙ ዘንድ ሄዷል።