ፍቅሩ እንዴት አንደኛ ወጣ?

ኤክሴል በሚማሩ ሰዎች እጅ ከሚያልፉ የቤት ሥራዎች መካከል የክፍል ውጤት ማስላትን የሚያህል የተለመደ የለም። የተማሪዎች ስም ዝርዝር ይሰጣቸዋል፤ ድምር ያወጣሉ፣ ማርኩን ወደ ፊደል ይለውጣሉ፣ ደረጃ ይሰጣሉ፣ በመጨረሻም የክፍሉን ውጤት በግራፍ ያሳያሉ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሮስተር ለሚሠራ የክፍል ኃላፊ መምህርም ይኸው ሥራ የዘወትር ነው። ፎርሙላዎቹ አይከብዱም። የሚከብደው፣ ስንሳሳት ኤክሴል ብዙ ጊዜ ዝም ማለቱ ነው። ሴሉ ውስጥ #VALUE! ብሎ ሲጮህ እሰየው ነው፤ ወዲያው እናርመዋለን። ደህና የሚመስል ቁጥር ይዞ የሚቀመጠው ስህተት ግን ካርድ ላይ ተጽፎ ወላጅ ቤት ይደርሳል።

አምስት ተማሪዎች ብቻ ያሉበትን ትንሽ ሰንጠረዥ እንውሰድ። ስማቸው በA ዓምድ ከ2ኛው እስከ 6ኛው ረድፍ ተጽፏል፦ ሐና፣ መስፍን፣ በላይ፣ ትዕግሥት፣ ፍቅሩ። ከB እስከ E ያሉት ዓምዶች ከ20 የተያዘ ፈተና፣ ከ10 የተያዘ የቤት ሥራ፣ ከ20 የተያዘ ሚድ እና ከ50 የተያዘ ፋይናል ናቸው። ድምሩ በF ይወጣል፦

```
=SUM(B2:E2)
```

ይህን በF2 ጽፈን የሴሉን የታችኛውን ቀኝ ጥግ ይዘን ወደ ታች ስንጎትተው ለሁሉም ይሞላል። ሐና 78፣ መስፍን 91፣ በላይ 64፣ ትዕግሥት 91፣ ፍቅሩ 55 አገኙ እንበል።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ጉድጓድ አለ። በላይ የቤት ሥራውን ከ10 አሥር ደፍኖ ሳለ፣ የጻፈው ሰው ቸኩሎ በዜሮ ፋንታ የእንግሊዝኛውን O ቢመታ ኤክሴል ያንን ቁጥር ነው ብሎ አይቀበለውም። SUM ደግሞ ቁጥር ያልሆነውን ምንም ሳይናገር ይዘለዋል። የበላይ ድምር 54 ሆኖ ይቀመጣል፤ ማንም አይጠረጥርም። ምልክቱ ግን ዓይን ላይ ነው። አሰላለፉን ካልነካነው ቁጥር በሴሉ ቀኝ በኩል፣ ጽሑፍ በግራ በኩል ይቆማል፤ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ግራ የተለጠፈ ማርክ ካየን እሱን መመርመር ነው። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለው ዓይን ስለሚደክም፣ በአንድ ትርፍ ዓምድ ላይ =COUNT(B2:E2) ብለን እናወርዳለን። አራት ማርክ ላለው ተማሪ መልሱ 4 መሆን አለበት፤ 3 ካለ አንዱ ባዶ ነው ወይም ቁጥር አይደለም ማለት ነው።

ፊደሉን የሚሰጠው IF ነው። የትምህርት ቤቱ መስፈርት 90 እና በላይ A፣ 80 B፣ 60 C፣ 50 D፣ ከዚያ በታች F ከሆነ በG2 እንዲህ ይጻፋል፦

```
=IF(F2>=90,"A",IF(F2>=80,"B",
 IF(F2>=60,"C",IF(F2>=50,"D","F"))))
```

ኤክሴል ጥያቄዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ፣ የመጀመሪያውን «አዎ» ሲያገኝ ያቆማል። ስለዚህ ከትልቁ ጀምሮ መውረድ ግዴታ ነው። አንድ ተማሪ ከትንሹ ቢጀምርና መጀመሪያ «50 ይበልጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ 91 ያመጣው መስፍንም ያንን ጥያቄ ስለሚያልፍ D ይዞ ይቀራል። የእኛ ክፍል በሙሉ D ይሆናል።

ከዚህ የባሰ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ግን ነጥብ ያለው ማርክ ነው። ድምሩ 89.6 የሆነ ተማሪ፣ ሴሉ ነጥቡን እንዳያሳይ ከተደረገ 90 ሆኖ ይታያል፤ አጠገቡ ግን B ተጽፏል። «90 አምጥቼ እንዴት B?» ቢል አይፈረድበትም። ኤክሴል የሚያሳየው የተጠጋጋውን ነው፤ የሚያወዳድረው ግን እውነተኛውን 89.6 ነው። ማጠጋጋት የትምህርት ቤቱ ደንብ ከሆነ ድምሩን =ROUND(SUM(B2:E2),0) አድርጎ ከሥሩ ማጠጋጋት ነው። ካልሆነም ነጥቡ እንዲታይ መተው። ሁለቱን መቀላቀል ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ተማሪን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ደረጃ። ብዙዎች በH2 =RANK(F2,F2:F6) ብለው ጽፈው ወደ ታች ይጎትታሉ። ሐና 3ኛ ትወጣለች፤ ልክ ነው። መስፍን 1ኛ፤ ልክ ነው። በላይ ግን 2ኛ ይሆናል፣ ትዕግሥት 1ኛ፣ በ55 የክፍሉ ጭራ የሆነው ፍቅሩ ደግሞ 1ኛ!

የሆነው ይህ ነው። ፎርሙላ ወደ ታች ሲጎተት በውስጡ ያሉት አድራሻዎች አብረው ይወርዳሉ። በሐና ረድፍ F2:F6 የነበረው በመስፍን F3:F7፣ በበላይ F4:F8 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የሚወዳደረው ከራሱና ከበታቹ ከተጻፉት ጋር ብቻ ነው። በላይ ከበላዩ ያሉትን ሐናንና መስፍንን ሳያያቸው አለፈ። ፍቅሩ የተወዳደረው ከራሱና ከባዶ ሴሎች ጋር ነው፤ ከራሱ ጋር የሮጠ ደግሞ አንደኛ ከመውጣት ሌላ ዕድል የለውም። ስህተቱን ለመለየትም ይህ ይበቃል፤ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለው ተማሪ ማርኩ ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ 1ኛ ከሆነ ዝርዝሩ አልተቸነከረም ማለት ነው። የሚቸነክረው የዶላር ምልክት ነው፦

```
=RANK(F2,$F$2:$F$6)
```

F2 ያለ ዶላር መቅረቱ ሆን ተብሎ ነው፤ እሱ ከተማሪ ተማሪ መውረድ አለበት። በላፕቶፕ ላይ አድራሻውን መርጦ F4 የሚለውን ቁልፍ መጫን (በአንዳንዱ ከFn ጋር) ዶላሮቹን ያስገባል።

አሁን መስፍንና ትዕግሥት እኩል 1ኛ፣ ሐና 3ኛ፣ በላይ 4ኛ፣ ፍቅሩ 5ኛ ይሆናሉ። 2ኛ የሚባል የለም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ከሐና በላይ ሁለት ሰው ስላለ ሦስተኛ ናት። «ሁለተኛው የት ጠፋ?» ለሚል ወላጅ መልሱ ይኸው ነው።

ለግራፉ የሁሉንም ተማሪ ማርክ በዓምድ መደርደር ብዙ ጊዜ የማይነበብ ጫካ ይፈጥራል። ክፍሉን የሚገልጸው ስንት A፣ ስንት B የሚለው ነው። በJ2 እስከ J6 ፊደሎቹን ከA እስከ F እንጽፋለን፤ በK2 ደግሞ =COUNTIF($G$2:$G$6,J2) ብለን እናወርዳለን። የእኛ ክፍል A 2፣ B 0፣ C 2፣ D 1፣ F 0 ይሰጣል። ሁለቱን ዓምዶች መርጦ Insert ውስጥ Column የሚለውን መንካት ብቻ ይቀራል። B ባዶ ሆኖ መታየቱ ጥሩ ነው፤ በC እና በA መካከል ክፍተት እንዳለ መምህሩ ያያል። ክቡን ግራፍ ቢመርጥ ኖሮ ዜሮው ቁራሽ ስለማይኖረው ይሰወርበት ነበር።

ከK2 እስከ K6 ያለው ድምር ከተማሪዎቹ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህን ማየት በተለይ የሚጠቅመው ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ሲኖር ነው። ስሙን በ7ኛው ረድፍ ብንጨምረው የቸነከርነው ዝርዝር 6ኛው ላይ ስለሚያበቃ ግራፉ ላይቆጥረው ይችላል፤ ደረጃውም #N/A ሊል ይችላል። ማርኩ እንደ ሐና 78 ከሆነማ ይባስ ብሎ 3ኛ የሚል ደህና የሚመስል መልስ ያገኛል። ስለዚህ አዲሱን ስም ከፍቅሩ በታች ሳይሆን ከፍቅሩ በላይ አዲስ ረድፍ አስገብቶ መጻፍ ይሻላል፤ ያኔ $F$6 የነበረው በራሱ $F$7 ይሆናል። የሌሎቹን ፎርሙላ ወደ አዲሱ ረድፍ መጎተት፣ ቀጥሎም ስሞቹን ብቻ ሳይሆን ከA እስከ H ያለውን ሁሉ መርጦ በፊደል ተራ መደርደር ነው፤ ስሙ ብቻ ተንቀሳቅሶ ማርኩ ባለበት ከቀረ የአንዱ ውጤት በሌላው ስም ይነበባል።