የሽያጭ ሠራተኛው ቀን በምን ያልቃል?

ስልክ የደወለለትን ደንበኛ እየተከተለ የሚሠራ የሽያጭ ሠራተኛ ጠዋት አየር ጤና፣ ቀትር ላይ መርካቶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገርጂ ሊገኝ ይችላል። ማምሻውን የያዘው ትእዛዝ ግን ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ቀኑን የበላበት መንገዱ ነው። በመሆኑም የጉዞ ዕቅድ ከካርታ በፊት በሰዓት ስሌት መጀመር ይኖርበታል።

ለምሳሌ ሳሙናና ብስኩት የሚሸጥ፣ 120 ደንበኞች ያሉትን አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። 20ዎቹ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች፣ 100ዎቹ የየሰፈሩ ባለሱቆች ናቸው እንበል። ጅምላ ነጋዴዎቹና ዕቃ ቶሎ የሚጨርሱት 40 ሱቆች በየሳምንቱ፣ ቀሪዎቹ 60 ሱቆች በየሁለት ሳምንቱ ቢጎበኙ፣ በሳምንት 20 የጅምላና 70 የሱቅ ጉብኝት ይኖራል ማለት ነው።

ከጅምላ ነጋዴ ጋር ስለ ዋጋና ስለ ዱቤ መነጋገር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል ቢባል፣ በቀን 10 ነጋዴ ለመጎብኘት 5 ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ለመርካቶ ይመደባሉ። ዓርብ ቀትር ላይ ብዙ ነጋዴዎች ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጉ ለመርካቶ አይመረጥም። የሥራው ቀን 7 ሰዓት ከሆነ፣ በቀሪው 2 ሰዓት በአካባቢው ያሉ 5 ሱቆች ይጎበኛሉ።

የቀሩት 60 ጉብኝቶች ለሰኞ፣ ለረቡዕና ለዓርብ ሲከፈሉ በቀን 20 ይደርሳሉ። መደርደሪያ አይቶ፣ ትእዛዝ ተቀብሎና ሒሳብ ሰብስቦ ለመውጣት 12 ደቂቃ ቢበቃ፣ ጉብኝቱ 4 ሰዓት ይፈጃል። ለመንገድ የሚተርፈው 3 ሰዓት፣ ማለትም በአንድ ሱቅ 9 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው የአንድ ቀን ሱቆች ሁሉ በአንድ ሰፈር ሲሆኑ ነው። ከተማውን አቋርጦ ለመሄድ አንድ ሰዓት የወሰደ ሠራተኛ ሦስት ያህል ሱቆችን ከዕለቱ ዕቅድ ሰርዟል። በየሁለት ሳምንቱ የሚጎበኙትም ቢሆኑ የሰፈራቸውን ቀን ጠብቀው፣ ግማሾቹ በአንዱ ሳምንት፣ ግማሾቹ በሌላው ይገባሉ።

ዕቅዱ መሥራቱ የሚታወቀው ትእዛዝ ባልተገኘባቸው ጉብኝቶች ነው። ሠራተኛው ከሦስት ምክንያቶች አንዱን ይመዝግብ። «ባለቤቱ የለም» ወይም «ተዘግቷል» የሚለው ከተደጋገመ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። «ዕቃው አላለቀም» ከበዛ ሱቁ በየሁለት ሳምንቱ ወደሚጎበኙት ይዛወር። በአንጻሩ ባለሱቁ «ካለቀ ቆየ» ካለ ጉብኝቱ ዘግይቷል።

በመሐል የሚመጣ የስልክ ትእዛዝ ሠራተኛውን ከመስመሩ ሊያስወጣው አይገባም። ትእዛዙ በስልክ ተመዝግቦ በማግስቱ በማከፋፈያ መኪና ሊላክ ይችላል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ደግሞ ላመለጡ ደንበኞች ይተው። የደንበኞች ዝርዝርም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ቦታ የለወጡ ሱቆች ስላሉ፣ በድሮ አድራሻ የተሠራ መስመር የታጠበውን ጊዜ መልሶ ያባክናል።