የሆነውን መርሳትና የሚያውቁትን ማጣት



የዛሬው ንግግሬ «መርሳት» በሚለው ግሥ ላይ ያተኩራል። ቤተሰብ በዕድሜ የገፉ አባቱን ወደ ሐኪም ይዞ ሲመጣ «ይረሳሉ» ይላል። ይህ አንድ ቃል ግን ቢያንስ ሁለት የማይመሳሰሉ ጉዳቶችን ይሸፍናል። ትናንት ማን ሊጠይቃቸው እንደመጣ የማያስታውሱትን ሰው ይረሳሉ እንላለን፤ በጓዳቸው ያለውን እያዩ «ሙቀጫ ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁትንም እንዲሁ ይረሳሉ እንላለን። የፊተኛው የጎደላቸው በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ የሆነው ነገር ነው። የኋለኛው የጎደላቸው ግን መቼና የት እንደተማሩት ሳያስታውሱ ዕድሜ ልካቸውን ያወቁት ነገር ነው። ኤንደል ቱልቪንግ በ1972 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) የፊተኛውን ኩነታዊ ትውስታ፣ የኋለኛውን ትርጉማዊ ትውስታ ብሎ ለያቸው።

ልዩነቱ በስም ብቻ ነው ወይስ በአንጎልም አለ? ለመልሱ ሁለት ዓይነት ሕሙማንን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

ሄንሪ ሞላይሰን በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ለሚጥል በሽታው መፍትሔ ተብሎ በቀዶ ጥገና በግራና በቀኝ ያለው የሂፖካምፐሱ ትልቅ ክፍል ተወገደ። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያስታውስም ነበር፤ ለዓመታት ያጠናችውን ብሬንዳ ሚልነርን እንኳ በየጊዜው እንደ አዲስ ሰው ይቀበላት ነበር። ነገር ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት የተማራቸው ቃላት ትርጉም አልጠፋበትም፤ የቃላት እንቆቅልሽ መሙላት እንኳ ያስደስተው ነበር።

ከዚህ ብቻ ተነሥተን ሁለት የትውስታ ሥርዓቶች አሉ ብንል ተቃዋሚ ይነሣብናል። «ትውስታ አንድ ነው፤ አንድን ጊዜ ብቻ የሆነን ነገር ማስታወስ ሺህ ጊዜ ከተደጋገመ ቃል ይልቅ ከባድ ስለሆነ ነው ቀድሞ የሚጠፋው» ይለናል። ተቃውሞውን የሚመልሰው ተቃራኒው ሕመምተኛ ብቻ ነው፦ ከባድ የተባለውን ይዞ ቀላል የተባለውን ያጣ ሰው።

ኤልዛቤት ዋሪንግተን በ1975 እንዲህ ያሉ ሦስት ሕሙማንን ገለጸች፤ በ1989 ደግሞ ጁሊ ስኖውደንና ባልደረቦቿ ሕመሙን ሴማንቲክ ዲሜንሽያ ብለው ሰየሙት። የአንጎል የጎን ክፍሎች የፊት ጫፍ፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል በርትቶ፣ እየመነመነ ይሄዳል። እውቀቱም ከዝርዝሩ ጀምሮ ይሸረሸራል፤ የነብር ሥዕል ያየ ሕመምተኛ መጀመሪያ «ድመት»፣ በኋላም «እንስሳ» ብቻ ሊል ይችላል። ጉዳቱ በንግግር ብቻ አይወሰንም፤ የዕቃውን አገልግሎት በምልክት እንዲያሳይ ቢጠየቅም ይቸገራል። ሆኖም ይኸው ሰው ቀጠሮውን ሊያስታውስ፣ መንገዱን ሳይስት ወደ ቤቱ ሊመለስ፣ ባለፈው ሳምንት የሆነውን በጎደለ ቃሉም ቢሆን ሊተርክ ይችላል። ሌላም ተቃርኖ አለ፦ በአምኔዥያ የቆየው ትዝታ ከቅርቡ ይልቅ ሲጸና፣ በሴማንቲክ ዲሜንሽያ ብዙ ጊዜ የቅርቡ ከሩቁ ይሻላል። ይህ የሁለት ወገን ተቃርኖ ድርብ መለያየት ይባላል፤ «አንዱ ስለሚከብድ ነው» የሚለውን ማብራሪያም ይዘጋል።

ይሁን እንጂ የተለያዩ ናቸው ማለት አይተጋገዙም ማለት አይደለም። ኪም ግሬሃምና ባልደረቦቿ በ2000 ባሳተሙት ጥናት ለሴማንቲክ ዲሜንሽያ ሕሙማን የዕቃ ሥዕሎችን አሳዩ፤ ቆይተውም ያዩትን እንዲለዩ ጠየቁ። የቀረበው ያው የመጀመሪያው ሥዕል ሲሆን፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ባያውቁም እንኳ ደኅና አድርገው ለዩት። በፊተኛው ስልክ ምትክ ቅርጹ የተለየ ሌላ ስልክ ሲቀርብ ግን፣ ምንነቱ የጠፋባቸውን ዕቃ መለየት ተሳናቸው። መልኩ ሲለወጥ ሁለቱን የሚያገናኘው «ስልክ» የሚለው እውቀት ነውና። ስለዚህ ኩነታዊ ትውስታ ትርጉም በሌለበት በዓይን ባየው መልክ ሊቆም ይችላል፤ ትርጉም ካለ ግን በእርሱ ይደገፋል።

በአካል አቀማመጥ ረገድም መጠንቀቅ ይገባናል። በሴማንቲክ ዲሜንሽያ ሂፖካምፐስ ራሱ ከመመንመን አይድንም። ሞላይሰንም ከ1953 በኋላ ወደ ቋንቋው የገቡትን አዳዲስ ቃላት ለመማር በእጅጉ ተቸግሯል። ስለዚህ ሁለቱ ሥርዓቶች ድንበራቸው በአጥር የተከለለ ጎረቤታሞች አይደሉም፤ የምንለያቸው በዋነኛነት በሥራቸው ነው።

እንግዲህ «ይረሳሉ» የሚል ቤተሰብ ሲመጣ ሐኪሙ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ትናንት የሆነውን ይነግሩናል? የሚያዩት ዕቃ ምን እንደሆነና ምን እንደሚሠራስ ያውቃሉ? ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቆ የሚያበቃ ምርመራ ሁለተኛውን ሕመምተኛ «ደኅና ናቸው» ብሎ ወደ ቤታቸው ሊመልሳቸው ይችላል።