ሰባት ደቂቃ ተኩል

አንድ የእሳት አደጋ መኪና ብቻ ያላትን ትንሽ ከተማ እንውሰድ። መኪናው 3,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። የሚረዳው አንድ የውሃ ቦቴ ሲሆን እሱ ደግሞ 8,000 ሊትር ይጭናል። በከተማዋ ሃይድራንት የለም፤ ውሃ የሚቀዳው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ወንዝ ነው። መጋዘን ተቃጠለ እንበል። ኖዝሉ በደቂቃ 400 ሊትር ከረጨ የመኪናው ውሃ በሰባት ደቂቃ ተኩል ያልቃል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ሂሳብ ነው። ቦቴው ወንዙ ዳር ደርሶ በደቂቃ 800 ሊትር በሚስብ ሞተር ፓምፕ ለመሙላት 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልሱ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ 12 ደቂቃ ነው። ቱቦ ለማገናኘትና ለማራገፍ 10 ደቂቃ እንጨምር። ድምሩ 32 ደቂቃ ይሆናል። 8,000 ለ32 ሲካፈል 250 ሊትር በደቂቃ ይወጣል። ይህች ከተማ ሳታቋርጥ ልትረጭ የምትችለው ይህን ያህል ነው። በ400 ከቀጠለች በየደቂቃው 150 ሊትር ይጎድልባታል፤ በመኪናው ውስጥ ያለው 3,000 ሊትር ጉድለቱን የሚሸፍነው ለ20 ደቂቃ ብቻ ነው።

ግን ቦቴው የሚያራግፈው የት ነው? መኪናው 8,000 ሊትር አይችልም፤ ቦቴው ቆሞ ከጠበቀ ደግሞ ምልልሱ ይሰናከላል። ስለዚህ በብረት ፍሬም ላይ የሚወጠር ሸራ ገንዳ ከመኪናው ጎን ይዘረጋል። ቦቴው እዚያ ገልብጦ ወዲያው ይመለሳል፤ መኪናው ከገንዳው ይስባል። ለእኔ፣ በጀት ካለ፣ ከሁለተኛ ኖዝል በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው።

ኖዝሉን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ፍሰቱ በሊትር በሚመረጥ ኖዝል ላይ ውሃውን መበተን ወይም ቀጥ ማድረግ የሚወጣውን ሊትር አይቀንሰውም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ቀጥ ያለው ርቆ ይሄዳል፣ የእሳቱን ሥር ያገኛል። የተበተነው ሙቀት በፍጥነት ይመጥጣል፣ ሰውንም ይከልላል። ነገር ግን 1 ሊትር ውሃ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ከተበተነ ያ እንፋሎት የሚያቃጥለው ራሱን ቱቦ ያዡን ነው።

ቱቦው ደግሞ ውሃ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ በሰፋፊ ጥምዝ ይዘረጋ። ከታጠፈ ፓምፑ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ከፍ ይላል፣ ኖዝሉ ግን ይደክማል። ይህን ያየ ሰው ግፊት መጨመር የለበትም፤ ቱቦውን ተከትሎ ሄዶ እጥፋቱን ይፍታ።

ፓምፑ ላይ ያለው ሰው የመኪናው ታንከር ግማሽ ሲሆን አንድ ጊዜ፣ ሩብ ሲቀር ደግሞ እንደገና በሬዲዮ ይናገራል። ውስጥ ያሉት በሁለተኛው ጥሪ መውጣት ይጀምራሉ፤ የቀረው ውሃ እነሱን እየከለለ የሚያስወጣቸው ነው።