«ነጭ» ያለው ቀሚሱ ነው ወይስ ጥለቱ? ከምርት መግለጫ ውስጥ መጠንን፣ ቀለምንና ጨርቅን ለይቶ የማውጣት ሥራ

ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት ደንበኛ ለፋሲካ የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት እየፈለገች ነው እንበል። የአንድ ሱቅ ገጽ ከፍታ በማጣሪያው ላይ ቀለም «ነጭ»፣ መጠን «ኤም»፣ ጨርቅ «ጥጥ» ብላ መረጠች። የተሰጣት መልስ «ምንም አልተገኘም» የሚል ነው። ቀሚሱ ግን በሱቁ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል፤ ሻጩም ስለ ቀሚሱ አጥርቶ ጽፏል። የጻፈው እንዲህ ይላል፦

«በእጅ የተሸመነ፣ ባለ ወርቃማ ጥለት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከቀይ መቀነት ጋር፤ 100% ጥጥ፤ ሳይዝ ኤም እና ኤል፤ ቁመት 145 ሴ.ሜ.፤ የመላኪያ ወጪ ከፋይ ገዢው ነው።»

ለሰው አንባቢ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ማጣሪያው ግን ዐረፍተ ነገር አያነብም። የሚያየው በሰንጠረዡ ላይ «ቀለም»፣ «መጠን»፣ «ጨርቅ» ተብለው የተለዩትን ዓምዶች ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ መግለጫዎችን በእጅ ወደ ዓምዶች መገልበጥ አድካሚ ስለሆነ፣ ሱቆች ይህን ሥራ ለፕሮግራም ይሰጣሉ። የታወቁ ቃላትን ብቻ የሚፈልግ ቀላል ፕሮግራም ከላይ ካለው ጽሑፍ የሚያወጣው ውጤት የሚከተለው ነው፦

ቀለም፦ ወርቃማ
መጠን፦ 100
ጨርቅ፦ ጥጥ፣ ከፋይ

ሦስቱም ዓምዶች ተሞልተዋል፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያገኘውን የቀለም ስም ወሰደ፤ እርሱ ግን የጥለቱ ቀለም ነበር። መጀመሪያ ያገኘውን ቁጥር መጠን አደረገው፤ እርሱ ግን የጥጡ መቶኛ ነበር። «ከፋይ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለስላሳውን የከፋይ ጨርቅ አስመሰለው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉ ገንዘብ የሚከፍለውን ሰው ያመለክታል።

ስሕተቶቹ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። አስቸጋሪው ሥራ ቃሉን ማግኘት ሳይሆን፣ ቃሉ ስለ ምን እንደሚናገር መለየት ነው።

ፊደሉን አንድ ማድረግ

ሥራው የሚጀምረው ከአጻጻፍ ነው። አንዱ ሻጭ «ሰማያዊ»፣ ሌላው «ሠማያዊ» ብሎ ይጽፋል። «አረንጓዴ» እና «ዐረንጓዴ»፣ «ሐር» እና «ሀር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመፈለጉ በፊት የጽሑፉን ቅጂ ወስዶ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ አንድ ቤተሰብ ይመልሳቸዋል። የቃላት መዝገቡም በዚያው መልክ መዘጋጀት አለበት። ለደንበኛው የሚታየው የሻጩ የመጀመሪያ ጽሑፍ ግን አይነካም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቅጥያዎች ጉዳይ ነው። በአማርኛ «ቀይ» ሁልጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ «ከቀይ»፣ «የቀይ»፣ «በቀይ» እየሆነ ይመጣል። ከቃሉ ፊት ያለውን «የ»፣ «በ»፣ «ከ» በጅምላ መቁረጥ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን «በርኖስ» ሲቆረጥ «ርኖስ»፣ «ከፋይ» ሲቆረጥ «ፋይ» ይሆናል። ጠንቃቃው መንገድ ቃሉን በመጀመሪያ እንዳለ ከመዝገቡ መፈለግ፣ ካልተገኘ ብቻ ቅጥያውን አንሥቶ እንደገና መሞከር ነው። በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
def find(word, lexicon):
    if word in lexicon:
        return lexicon[word]
    for p in ("ባለ", "የ", "በ", "ከ", "ለ"):
        rest = word[len(p):]
        if word.startswith(p) and rest in lexicon:
            return lexicon[rest]
    return None
```

የመጨረሻው መስመር ትልቅ ትርጉም አለው። ቃሉ ካልታወቀ ፕሮግራሙ አይገምትም፤ ባዶ ይመልሳል።

ቀለሙን ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት

በምሳሌው ውስጥ ሦስት ቀለሞች አሉ፦ ወርቃማ፣ ነጭና ቀይ። የቱ የቀሚሱ እንደሆነ ለመለየት የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ይረዳል። ቅጽል ከስም ስለሚቀድም፣ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የሚገልጸው ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን የዕቃ ስም ነው። ከ«ወርቃማ» ቀጥሎ «ጥለት» አለ። ከ«ነጭ» ቀጥሎ «የሐበሻ» የሚለው ታልፎ «ቀሚስ» ይገኛል። ከ«ቀይ» ቀጥሎ ደግሞ «መቀነት» አለ።

ይህ እንዲሠራ የስሞቹ መዝገብ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ ጋቢና ሌሎችም ዋና ዕቃዎች ይሰፍራሉ። በሌላው ወገን ጥለት፣ ጥልፍ፣ መቀነት፣ ገበር፣ ቁልፍና የመሳሰሉት ክፍሎች ይሰፍራሉ። ወደ ዋናው የቀለም ዓምድ የሚገባው ከዋናው ዕቃ ጋር የተገናኘው ብቻ ነው። የጥለቱ ቀለም ግን አይጣልም፤ ለብቻው «የጥለት ቀለም» የሚል ዓምድ ይሰጠዋል። የሐበሻ ልብስ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በእርሱ ነውና።

ደንቡ የሚፈርስበትም ቦታ አለ። ሌላው ሻጭ «ቀሚሱ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ወርቃማ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ወደ ፊት የሚያየው ፕሮግራም ነጩን ለጥለቱ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ማረሚያዎች ይጨመራሉ። ፍለጋው ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ቀለሙ ከ«ነው» በፊት ከመጣ ደግሞ ባለቤቱ ወደ ኋላ ይፈለጋል። «ከጥቁር በስተቀር በሁሉም ቀለም ይገኛል» የሚለው ዓይነት አባባል የራሱን ደንብ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ በሱቁ የሌለው ብቸኛ ቀለም በዓምዱ ላይ ይጻፋል።

ቁጥር ብቻውን አይናገርም

በመግለጫው ውስጥ ያሉት 100 እና 145 ትርጉማቸውን የሚያገኙት ከጎረቤቶቻቸው ነው። አጠገቡ የመቶኛ ምልክት ያለው ቁጥር የጨርቅ ድርሻን፣ «ሴ.ሜ.» ያለው ልኬትን፣ «ብር» ያለው ዋጋን ያሳያል። የልብስ መጠን ተብሎ የሚወሰደው «ሳይዝ» ወይም «ቁጥር» የሚል ቃል የቀደመው ነው። «ኤም»፣ «ሜዲየም» እና «መካከለኛ» ወደ አንድ እሴት ይጠቃለላሉ። ሻጩ «ኤም እና ኤል» ካለ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሳጥን አይታጨቁም፤ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ረድፍ ይከፈታል፤ አንዱ ተሽጦ ቢያልቅ ሌላው በገጹ ላይ መቆየት ይኖርበታልና።

ደንበኞቹ በብዙ አገር ለተበተኑ ሱቅ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስፈልጋል፤ እርሱም ቁጥሩ በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገረው ነው። በአሜሪካ 8 የሚባለው የሴቶች ቀሚስ በብሪታንያ ብዙውን ጊዜ 12 ነው። መግለጫው «ሳይዝ 12» ብቻ ካለና ሻጩ ካልተጠየቀ፣ የአቆጣጠሩ ዓምድ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ፕሮግራሙ ገምቶ ቢሞላው ግን ዋሽንግተን ዲሲ ያለችው ገዢ ለሰውነቷ የማይሆን ልብስ ተቀብላ ልትመልስ ትችላለች።

ጨርቅ፦ ስሕተቱ ሕግ የሚጠቅስበት ዓምድ

በቀለም ላይ የሚፈጠር ስሕተት ደንበኛን ያስቀይማል፤ በጨርቅ ላይ የሚፈጠረው ግን ሻጩን ሊያስቀጣ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት በ2011 የወጣው የጨርቃ ጨርቅ ደንብ፣ ልብሱ ከምን ክር እንደተሠራ ለገዢው ከግዢው በፊት በግልጽ እንዲታይ ያዛል፤ ትእዛዙ በኢንተርኔት የሚሸጠውንም ይጨምራል። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 ከሬዮን የተሠሩ ምርቶችን «ቀርከሃ» ብለው ሸጠዋል በማለት በኮልስና በዎልማርት ላይ ክስ አቅርቦ ነበር። ኮልስ 2.5 ሚሊዮን፣ ዎልማርት 3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፍሉ ሆነ። በመግለጫ ውስጥ ያለ የቁስ ስም የክሩ ስም ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አማርኛም የራሱ ወጥመዶች አሉት። «ጥቁር ሙሉ ሱፍ፣ ቁጥር 52» የሚል መግለጫ ኮትና ሱሪን እንጂ የበግ ጠጉርን አያመለክትም፤ ልብሱ ከፖሊስተር የተሠራ ሊሆን ይችላል። «እንደ ሐር የሚለሰልስ» የሚለው ደግሞ ልብሱ ሐር አለመሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ በጨርቅ ዓምድ ላይ ደንቡ ይጠብቃል። የክሩ ስም የሚመዘገበው ከመቶኛ ጋር ሲመጣ ወይም «የተሠራው ከ» የሚል ግልጽ ቃል ሲቀድመው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ «100% ጥጥ» ያልፋል፤ ሱፉ፣ እንደ ሐር የተባለውና ገንዘብ ከፋዩ ደጅ ይቀራሉ።

መሳሳቱ እንዴት ይታወቃል?

ፕሮግራሙ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ሲሠራ ካልተጠቀሙባቸው መግለጫዎች መካከል በዕጣ 200 ያህል ይመረጡና ሰው በእጁ ይሞላቸዋል። ከዚያ የሁለቱ መልስ ይነጻጸራል። ለምሳሌ ከ200ዎቹ ውስጥ 160ዎቹ ቀለም ቢጠቅሱ፣ ፕሮግራሙ 150 ሳጥኖችን ቢሞላና 135ቱ ልክ ቢሆኑ፣ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። ከሞላቸው ውስጥ ልክ የሆኑት 90 በመቶ ናቸው። መገኘት ከነበረባቸው ውስጥ የተገኙት ደግሞ 84 በመቶ ገደማ ናቸው።

ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አያድጉም። ደንቡ ሲላላ ብዙ ይገኛል፤ ብዙም ይሳሳታል። ሲጠብቅ ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ባዶ ሳጥኑ ይበዛል። በቀለም ዓምድ ትንሽ መላላት ይቻላል፤ ደንበኛዋ ፎቶውን አይታ ታርመዋለችና። ክሩን ግን ፎቶ አያሳይም። በዚያ ዓምድ ላይ ባዶ ሳጥን የሻጩን አንድ ስልክ ጥሪ ይጠይቃል፤ የተሳሳተ ሳጥን ግን ማንም ሳይጠይቅ ያልፋል። ለዚህም ከእያንዳንዱ የተሞላ ሳጥን ጎን፣ መልሱ የተወሰደበት የጽሑፉ ቁራጭ አብሮ ይቀመጣል፤ የሚመረምረው ሰው ሙሉውን መግለጫ ሳያነብ ስሕተቱን በአንድ እይታ እንዲያገኘው ያስችላል።

የተስተካከለው ፕሮግራም የመጀመሪያውን መግለጫ ሲያነብ ሁለት ረድፎች ይሰጣል። በሁለቱም ላይ ቀለሙ ነጭ፣ የጥለቱ ቀለም ወርቃማ፣ ጨርቁ 100% ጥጥ፣ ቁመቱ 145 ሴ.ሜ. ነው። በአንደኛው መጠኑ ኤም፣ በሌላኛው ኤል ነው። ፍራንክፈርት ያለችው ደንበኛም እነዚያኑ ሦስት ምልክቶች ስትነካ ቀሚሱ ይወጣላታል።