ከማጅራት ተነሥቶ ዓይን ላይ የሚያርፍ ሕመም

በበዓል ሰሞን ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ከመኪናው የሚነሣው ለምሳ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥለቱ እንዳይዛባ ዓይን ከመርፌው አይነቀልም፤ አንገት እንዳቀረቀረ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ማጅራት ይደርቃል። ከዚያ ሕመሙ በአንድ ወገን ሽቅብ ወጥቶ ከቅንድብ በላይ ወይም ከዓይን ኋላ ይቀመጣል። ብዙዎች ሳይነስ ነው ብለው ይታጠናሉ፤ ሌሎች መነጽር ይቀይራሉ። ማጅራቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የአንገት ሕመም ግንባር ላይ የሚሰማው በነርቮች አቀማመጥ ምክንያት ነው። ከአንገት የላይኛው ክፍል የሚነሡት ሦስቱ ነርቮችና የፊት ስሜትን የሚያደርሰው ነርቭ፣ የሕብለ ሰረሰር አናት ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። አንጎል ከዚያ የሚደርሰው መልእክት ከየትኛው እንደመጣ ሁልጊዜ አይለይም። ስለዚህ የተጎዳው የአንገት መገጣጠሚያ ሆኖ ሳለ የሚያመን ግንባራችን ይሆናል።

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ቀና ስንል ክብደቱን በአብዛኛው አጥንቶች ይሸከሙታል፤ ስናቀረቅር ግን የማጅራት ጡንቻዎች ይይዙታል። ጡንቻን የሚጎዳው የክብደቱ ብዛት ብቻ አይመስለኝም፤ ይበልጡን ዕረፍት ማጣቱ ነው። ቀላል ሥራ ሲሆን ሰውነት ሁልጊዜ የሚያሠራው ያንኑ ጥቂት ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ነው። እነዚህ መጀመሪያ ይነሣሉ፣ መጨረሻ ያርፋሉ። ተመራማሪዎች ቀኑን ሙሉ ቀላል ሥራ የሠራ ጡንቻ ለምን እንደሚታመም ከሚያብራሩበት መንገድ አንዱ ይህ ነው።

ሕመሙ ከአንገት መሆኑን የሚጠቁም ቀላል መፈተኛ አለ። አንገታችንን ስናዞር ግማሽ ያህሉን የሚያዞሩት ሁለቱ የላይኛዎቹ አጥንቶች ናቸው። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያስጠጉና ቀስ ብለው ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ያዙሩ። ቀኝ ዓይኗን የሚያማት ሰፊ እንዲህ ስታደርግ ወደ ግራ በደንብ ዞራ ወደ ቀኝ ግን መንገድ ላይ ከቆመች፣ ከራስ ቅሉ ሥር ስትጫነውም ያው የለመደችው ሕመም ከመጣ፣ ጥርጣሬው ወደ አንገት ያደላል። የሚመታ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽና ብርሃን ከመጥላት ጋር ከሆነ ግን ማይግሬን ሊሆን ይችላል፤ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ሐኪም ይለየው።

ይህች ሰፊ ከምን ትጀምር? ከመቀመጫው ብትጀምር ችግር አለው፤ ዝቅ ብትል አንገቷ ይቀናል፣ ትከሻዋ ግን ወደ ጆሮዋ ይወጣል። የሚሻለው መብራቱን ወደ መርፌው ማቅረብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቀረቅረው ስለማይታየው ነውና። ላፕቶፕ ላይ የሚውል ደግሞ ስክሪኑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጎ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ይጠቀም።

ቀጥሎ የዕረፍት ምልክት ታብጅ። ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ የታች ክር ባለቀ ቁጥር ክር ከመቀየሯ በፊት እጇን ከጨርቁ ታንሣ። ትከሻዋን ዝቅ ታድርግ። ፊቷን ሳታዘነብል አገጯን ቀጥታ ወደ ኋላ ትሳብ፣ 5 ሰከንድ ያህል ይዛ ትልቀቅ፤ አምስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሁለቱም ጎን ትዙር። መሳሳብ ቢሰማት ደግ ነው፤ የሚወጋ ሕመም፣ ማዞር ወይም ክንድ ላይ መደንዘዝ ከመጣ ግን ታቁም። አንገትን እያንቋቋ በኃይል ማዞርን እኔ አልመክርም።

ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም። በጎርጎርሳውያኑ 2002 በአውስትራሊያ ግዌን ጁልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት 200 የዚህ ዓይነት ራስ ምታት ያለባቸውን ሰዎች ያካተተ ነበር። ለ6 ሳምንት የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ልምምድ የሠሩት ቀለል ብሏቸው፣ ከዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም።

እስከዚያው በማስታገሻ መኖር ሌላ መዘዝ አለው። ፓራሲታሞል በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት የሚወስድ ሰው ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ካፌይን የተቀላቀለበት ከሆነ 10 ቀንም ይበቃል።

የማጅራት መድረቅ ሁሉ ግን ከሥራ አይደለም። ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር አብሮት ካለና አገጭ ወደ ደረት አልደርስ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍም እንዲሁ አይናቁም። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ልምምዱን ትተው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።